ጠርሙሱ አልቀለጠም

አንድ ጠርሙስ አምራች ለውሃ የሚሆን ተራ የፔት ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሠራ ነበር። በ85 ዲግሪ ሴልሺየስ ትኩስ እያለ የሚሞላ ጭማቂ ያለው ደንበኛ መጣ። ሽያጭ ክፍሉ የጥሬ ዕቃውን መረጃ ወረቀት ሲያይ የመቅለጫው ሙቀት ወደ 250 ዲግሪ ነው ይላል፤ ትዕዛዙ ያለ ሥጋት ተቀባይነት አገኘ። በሙከራው ቀን ከመሙያው የወጡት ጠርሙሶች ተኮማትረው፣ መቀመጫቸው ወደ ውጭ ተገፍቶ፣ የአንዳንዱም አፍ ሞላላ ሆኖ ክዳኑ ያፈስ ነበር። በሺፍት መዝገቡ ላይ «ጠርሙሱ ቀለጠ» ተብሎ ተጻፈ።

የተበላሹትን ጠርሙሶች ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን መቅለጥ እንዳልሆነ ይረዳል። የቀለጠ ፕላስቲክ ይፈስሳል፣ ይንጠባጠባል። እነዚህ ጠርሙሶች አልፈሰሱም፤ አጠሩ፣ ግድግዳቸውም ወፈረ። ማለትም ከተነፉበት ቅርጽ ወደ ቀድሞው ቅርጻቸው፣ ወደ ፕሪፎርሙ፣ ለመመለስ ጀምረው ነበር። ፕሪፎርም ከመነፋቱ በፊት ያለው አጭርና ወፍራም ቱቦ ነው። በማሽኑ ውስጥ 100 ዲግሪ አካባቢ ይሞቅና በዘንግ ወደ ታች፣ በግፊት አየር ደግሞ ወደ ጎን ይለጠጣል፤ ወዲያው ቅርጽ የሚሰጠውን ቀዝቃዛ ሞልድ ሲነካ ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች እንደተወጠሩ ይደርቃሉ። እንደገና መንቀሳቀስ የሚችሉበት ሙቀት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ይሰበሰባሉ።

ያ ሙቀት 250 አይደለም፤ ለፔት 75 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብርጭቆ ሽግግር የሚባለው ይህ ነው። ከዚህ በታች ሥርዓት የሌለው የሞለኪውል ክምችት እንደ ብርጭቆ የደረቀ ነው፤ ከዚህ በላይ ግን እንደ ላስቲክ ይለሰልሳል። የሚፈርስ ክሪስታል የለም፤ የተዘበራረቁት የሞለኪውል ሰንሰለቶች መወዛወዝ ቻሉ ማለት ብቻ ነው። መቅለጥ ሌላ ነገር ነው፦ ተደርድረው የተያያዙ ሞለኪውሎች፣ ማለትም ክሪስታሎች፣ ሲፈርሱ የሚሆን። በአንድ የፔት ጠርሙስ ውስጥ ሁለቱም ክፍሎች ጎን ለጎን አሉ፣ ስለዚህ ሁለቱም ሙቀቶች አሉት። መረጃ ወረቀቱ አልዋሸም፤ የተጠየቀው የተሳሳተውን ቁጥር ነው።

አንድ ቴክኒሻን ተገቢውን ጥያቄ አነሳ፦ «ታዲያ የፖሊፕሮፒሊን ዕቃ መቅለጫው ከፔት አንሶ 165 ገደማ ሆኖ ሳለ፣ የፈላ ውሃ ሲሞሉበት ለምን ይቆማል?» የፖሊፕሮፒሊን የብርጭቆ ሽግግር ከዜሮ በታች ነው፤ ሥርዓት የሌለው ክፍሉ በክፍል ሙቀትም ለስላሳ ነው። ዕቃውን የሚያቆመው በውስጡ ያለው ብዙ ክሪስታል ነው፤ ያ ደግሞ እስከ 165 አካባቢ አይፈርስም። በተቃራኒው ፖሊስታይሪን፣ ያ ጥርት ያለ ተሰባሪ ኩባያ የሚሠራበት ዓይነት፣ ክሪስታል የለውም፤ ስለዚህ የመቅለጫ ሙቀት የሚባል ነገርም የለውም። 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ አለቀ። እንግዲህ የትኛው ቁጥር ዕቃውን እንደሚገዛው የሚወስነው በውስጡ ያለው የክሪስታል መጠን ነው።

በዚያው ወርክሾፕ የተደረገው ማረጋገጫ ልዩ መሣሪያ አላስፈለገውም። ካልተነፋ ፕሪፎርም አንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ተቆረጡ። አንዱ 65 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ሲነከር እንደደረቀ ቀረ፤ ውሃው 85 ሲደርስ ግን በጣት ተጣጠፈ፣ ሲቀዘቅዝም እንደታጠፈ ደረቀ። ግልጽነቱ ግን አልተለወጠም። ሁለተኛው ቁራጭ 160 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ተቀመጠ፤ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ወጣ። ነጩ በ85 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ገብቶም አልተጣጠፈም። ክሪስታል የሌለው ፔት ሽግግሩን ሲያልፍ ግትርነቱ ወደ ሺህ እጥፍ ገደማ ይወርዳል፤ በከፊል ክሪስታል የሆነው ግን ከአሥር እጥፍ ብዙም አይርቅም፣ ክሪስታሎቹ ለስላሳውን ክፍል እንደ ቋጠሮ ይይዙታልና።

ይህን ያየው የሺፍት ኃላፊ ፈጣን መፍትሔ አሰበ፦ ማሞቂያ መብራቶቹን ከፍ አድርጎ ፕሪፎርሙ ክሪስታል ይሥራ። ውጤቱ ደመናማ ጠርሙስና ሲነፉ የሚፈነዱ ፕሪፎርሞች ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዝም ብሎ በሙቀት የሚያድገው ክሪስታል ኳስ መሰል ሆኖ ከብርሃን ሞገድ በላይ ይተልቃል፤ የክሪስታሉና የአካባቢው ጥግግት ስለሚለያይ ብርሃኑ በየድንበሩ ይበተናል፣ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከዚያም በላይ አስቀድሞ የተቆላለፈ ግድግዳ መለጠጥ አይችልም። ደህና ሆኖ የተነፋ ጠርሙስ ግድግዳም እኮ ሩብ ያህሉ ክሪስታል ነው፣ ግን ጥርት ያለ ነው፤ በመለጠጥ የተፈጠሩት ክሪስታሎች እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ ብርሃን አያገኛቸውም። ክሪስታል ሁሉ ግልጽነትን ያጠፋል የሚለው እምነት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መጠኑ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ክሪስታል ትልቀት ይቆጠራል።

መብራት የሚያስተካክል ሰው ሁለት ዓይነት ነጭነት መለየት አለበት። አንዱ ከላይ የተባለው ነው፦ ከልክ በላይ ሙቀት፣ ጉም የመሰለ ብዥታ፤ መድኃኒቱ ሙቀቱን መቀነስ ነው። ሌላው ፕሪፎርሙ በቂ ሳይሞቅ ከልክ በላይ ሲለጠጥ የሚመጣ ዕንቁ መሰል ነጸብራቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጥ በሚለጠጠው በውስጠኛው ገጽ ይጀምራል፤ መንስኤው በግድግዳው ውስጥ የተከፈቱ ጥቃቅን ክፍተቶች ናቸው፤ መድኃኒቱ ሙቀት መጨመር ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ባስተካከለ ቁጥር ያባብሳል። ጥርጣሬ ካለ በአንድ ጊዜ ሦስት ዲግሪ ብቻ ለውጦ ጥቂት ጠርሙስ መንፋት ይበቃል።

ለትኩስ ሙሌት ትክክለኛው መንገድ ክሪስታሉን ከመለጠጥ በኋላ ማሳደግ ነው። ሞልዱ እንደ ውሃ ጠርሙሱ በቀዝቃዛ ውሃ ሳይሆን በትኩስ ዘይት ከ120 እስከ 140 ዲግሪ ይያዛል፤ ጠርሙሱ በግፊት ተጣብቆ ለጥቂት ሰከንድ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የተወጠሩት ሰንሰለቶች ውጥረታቸውን ይለቅቃሉ፣ ጥቃቅኖቹ ክሪስታሎች ይበዛሉ፣ ግልጽነቱም ይጠበቃል። ሞልዱ ከመከፈቱ በፊት ውስጡ በአየር መቀዝቀዝ አለበት፤ ከሽግግሩ ሙቀት በላይ እያለ ግፊቱ ከተለቀቀ እዚያው ይኮማተራል። የሚከፈለው ዋጋ ጊዜ ነው፤ ማሽኑ በሰዓት የሚያወጣው ይቀንሳል።

አንገቱ ግን በዚህ ሁሉ አይነካም። ስለማይለጠጥ ክሪስታል አልባ ሆኖ ይቀራል፤ በሙከራው ቀን አፉ ሞላላ የሆነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች ከመንፋት በፊት አንገቱን ብቻ ለይተው በማሞቅ ነጭ ያደርጉታል፤ እዚያ ግልጽነት አያስፈልግም። ሌሎች ወፍራም አንገት ያለው ፕሪፎርም ይጠቀማሉ። ይኸው አምራች ዘይት የሚያሞቅ መሣሪያ ስላልነበረው ደንበኛውን ቀዝቅዞ ወደሚሞላ አሠራር እንዲዞር ጠየቀ፤ በትዕዛዝ መቀበያ ቅጹ ላይም ከመቅለጫው ሙቀት በፊት የሙሌቱ ሙቀት የሚጠየቅበት መስመር ተጨመረ። ወሰኑ 75 ላይ አልተደረገም፤ ፔት እርጥበት ሲስብ የሽግግሩ ሙቀት በበርካታ ዲግሪዎች ስለሚወርድ፣ እርጥበት ባለበት መጋዘን ለወራት የቆየ ጠርሙስ አዲሱ በሚችለው ሙቀት መኮማተር ይጀምራል።