«እንደምን ዋልሽ ልጄ?»

ዛሬ አንዲት እናት የመድኃኒት ቤታችን መስኮት ላይ ተደግፈው «እንደምን ዋልሽ ልጄ?» አሉኝ። ሌላ ቀን ቢሆን «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፍ ነበር።

«ልጄ አተኩሶት ሌሊቱን አልተኛሁም፤ አሁን ግን ተሽሎታል። እርስዎስ እማማ፣ ምን ልርዳዎት?» አልኳቸው። ከዚህ በላይ ብናገር እኔን ሲያጽናኑ የራሳቸውን ይረሱት ነበር፤ እናቶቻችን እንዲህ ናቸው።

«እግዜር ይማርልሽ» ብለው ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን አምሎዲፒን የተባለ የደም ግፊት ኪኒን ፈቱ። የ30 ቀን መድኃኒት ነው፤ ወሩ አልፎም 19 ፍሬ ቀርቷል።

«ራሴን ሲያመኝ ብቻ ነው የምውጠው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ደም ግፊት ምንም ሳያሳምም ልብንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ፣ ኪኒኑም ሕመም ኖረም አልኖረም በየቀኑ እንደሚዋጥ ነገርኳቸው። ጠዋት ቡናው ሲፈላ ሊውጡት ተስማማን።