የመስከረምን የኦቨርሄድ ደብዳቤ ለምን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት

ገላን አካባቢ ባለ የፕላስቲክ ሳጥን ፋብሪካ ውስጥ የኮስት አካውንታንት ነኝ። በወሩ መጨረሻ ኦቨርሄዱ፣ ማለትም ከጥሬ ዕቃና ከቀጥታ የሠራተኛ ዋጋ ውጭ ያለው የፋብሪካ ወጪ፣ ለምን ከልክ እንዳለፈ ለሥራ አስኪያጁ በደብዳቤ ማስረዳት የኔ ሥራ ነው። የመስከረሙን ግን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፤ የመጀመሪያው ስህተት ስለነበረበት። ቁጥሮቹን ክብ አድርጌያቸዋለሁ፤ ናፍጣውንም ለስሌት እንዲመች በሊትር 100 ብር ይዤዋለሁ።

በጀታችን በወር 4,000 የማሽን ሰዓት ይላል፤ 8 ኢንጀክሽን ማሽን በቀን 20 ሰዓት፣ 25 የሥራ ቀን። ቋሚው ኦቨርሄድ 2,400,000 ብር ስለሆነ በሰዓት 600 ብር ይደርሳል። ተለዋዋጩ ደግሞ በሰዓት 250 ብር ነው። መስከረም ላይ ማሽኖቹ የሠሩት 3,400 ሰዓት ሲሆን የወጣው ሳጥን ግን በስታንዳርዱ ፍጥነት ቢሠራ 3,300 ሰዓት ብቻ የሚፈጅ ነበር። በምርቱ ዋጋ ላይ የጫንነው ኦቨርሄድ 3,300 በ850 ተባዝቶ 2,805,000 ብር ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለው ወጪ ግን 3,535,000። ልዩነቱ 730,000 ብር ሆነ።

ይህን አንድ ቁጥር ይዛችሁ ሥራ አስኪያጅ ፊት አትቅረቡ። «ማን አባከነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ከብሩ የሚበዛው ግን ማንም ያባከነው አይደለም። ሲከፋፈል እንዲህ ነው፦ ምርት ስላነሰ ብቻ 420,000፣ ከተለዋዋጭ ወጪ መብዛት 255,000፣ ከቋሚ ወጪ መብዛት 30,000፣ ከማሽን መዘግየት 25,000። 30,000ው የአንድ ጥገና ሂሳብ ስለነበር በአንድ መስመር አለፈ።

መከራዬን ያየሁት በ255,000ው ነው።

በመጀመሪያው ደብዳቤ «የጄኔሬተር ናፍጣ ከመጠን በላይ ፈጅቷል» ብዬ ጻፍኩ። መዝገቡ 3,210 ሊትር ናፍጣ ለጄኔሬተር ወጪ ሆኗል ይላል፤ 321,000 ብር። እኛ ዘንድ ናፍጣ ቦቴው እንደመጣ ወደ ታንከር ይገለበጥና ዕቃ ግምጃ ቤቱ በዚያው ቀን ሁሉንም «ወጪ» ብሎ ይቆርጠዋል። ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆጣሪ ስለሌለ ለእነሱ ይቀላቸዋል። የመጨረሻው ጭነት የመጣው መስከረም 28 ነበር። ያ ናፍጣ ታንከር ውስጥ ተኝቶ ሳለ እኔ ተቃጥሏል ብዬ ፈረምኩ። መግዛት መፍጀት እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው እንዲህ መጻፉ እስካሁን ያበግነኛል።

ሥራ አስኪያጁ የጄኔሬተር ሠራተኛውን ሲያስጠራ ደንግጬ ላርመው ሄድኩ። እርማቱ ደግሞ የባሰ ሆነ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በወሩ መጀመሪያ የነበረ፣ ሲደመር የተገዛ፣ ሲቀነስ በመጨረሻ የተረፈ። መስከረም 30 ማታ ታንከሩ በመለኪያ ዘንግ ሲለካ 1,800 ሊትር ነበረው። የመነሻው ልኬት መዝገብ ላይ 700 ይላል። ስለዚህ የተቃጠለው 2,110 ሊትር ይሆናል። ጄኔሬተሩ በሰዓት ቆጣሪው የሠራው 45 ሰዓት ስለሆነ በሰዓት ወደ 47 ሊትር መጣ። የኛ ባለ 200 ኬቪኤ ጄኔሬተር በሚሸከመው ጭነት ከ38 ሊትር ብዙም አያልፍም። 400 ሊትር የት ገባ? ቢሮ ውስጥ «ተሰርቋል» መባል ጀመረ፤ እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ከስሌቱ ስህተት ይብሳል።

የ700 ሊትሩን ልኬት ቀን ያየሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ነሐሴ 30 ይላል። ሒሳቡን የምንዘጋው ነሐሴንና ጳጉሜን አንድ ላይ አድርገን ነው፤ ታንከሩ ግን እንደሌላው ወር በ30 ተለክቶ ቀርቷል። በጳጉሜ 5 ቀናት መብራት ሲጠፋ የተቃጠለውን 400 ሊትር ማንም አልቀነሰውም። የመስከረም መነሻ 300 ሊትር ነበር። 300 ሲደመር 3,210 ሲቀነስ 1,800፣ 1,710 ሊትር። ለ45 ሲካፈል ልክ 38። ሠራተኛው ምንም አላጠፋም።

ስለዚህ ከ255,000ው ውስጥ 150,000 ብሩ ታንከር ውስጥ ያለ ንብረት እንጂ የመስከረም ወጪ አይደለም። የቀረው 105,000 እውነተኛ ነው። በጀቱ የያዘው የ15 ሰዓት ጄኔሬተር ነበር፤ 30 ሰዓት በለጠ፣ ማለትም 1,140 ሊትር ወይም 114,000 ብር። በነዚያ ሰዓታት ከመስመር ያልተወሰደው የመብራት ሂሳብ 9,000 ብር ያህል መለሰልን። አጠቃላይ ልዩነቱ ወደ 580,000 ወረደ።

የ420,000ውን በሰዓት ነው ያስረዳሁት፤ የፋብሪካ ሰው ከብር ይልቅ ሰዓት ቶሎ ይገባዋል። የጎደለው 700 ሰዓት ነው። እንቁጣጣሽና መስቀል 320 ሰዓት ወሰዱ፤ በ600 ሲባዛ 192,000 ብር። ይህ የዋናው መሥሪያ ቤት ቅጽ የዓመቱን በጀት ለ12 እኩል ስለሚያካፍል የመጣ ነው። መስከረም በየዓመቱ ሁለት በዓል እንዳለው እየታወቀ በየዓመቱ ማብራሪያ ይጠይቁናል! መመሪያው እኩል ይካፈል ቢልም እኔ በሥራ ቀን ያካፈልኩትን ሠንጠረዥ ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ።

መብራት 280 ሰዓት ወሰደ። ጄኔሬተሩ የሚችለው 3 ማሽን ስለሆነ 5ቱ ለ45 ሰዓት ቆሙ፣ ይህ 225 ነው። ቀሪው 55 ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ማሽን ሲቆም በርሜሉ ይቀዘቅዛል፤ እንደገና ግሎ፣ ውስጡ የረጋው ፕላስቲክ ተገፍቶ እስኪወጣ አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳል። መብራት 11 ጊዜ ጠፋ፣ በ5 ማሽን 55 ሰዓት። ስለዚህ የጠፋበትን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደጠፋ መዝግቡ፤ ለአጭር ጊዜ የጠፋ መብራትም ከጠፋበት ደቂቃ በላይ ይበላል።

የመጨረሻው 100 ሰዓት የራሳችን ነው። በ45 ሰከንድ መውጣት የነበረበት ሳጥን በአማካይ ከ46 ሰከንድ በላይ ወስዷል፤ የሞልዱ ማቀዝቀዣ ውሃ ይሞቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሊቆጣበት የሚገባው ይህንን ነው፤ 60,000 ከቋሚው፣ 25,000 ከተለዋዋጩ።

አንድ ክርክር ቀርቶ ነበር። የፋይናንስ ኃላፊው የጎደለውን በሙሉ መጋዘን ባለው ሳጥን ዋጋ ላይ እንድጭነው ፈልጎ ነበር፣ ትርፉ እንዳይወርድ። እምቢ አልኩ። ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ስታንዳርድ 2 ምርት ስላነሰ ሳይጫን የቀረ ቋሚ ኦቨርሄድ በዚያው ወቅት ወጪ ይሁን ይላል። መብራት ስለጠፋ አንድ ሳጥን የበለጠ ውድ አይሆንም።

ሁለተኛው ደብዳቤ እንዲህ ይጀምራል፦ «ኢንጅነር፣ በመስከረም 30 የጻፍኩት የናፍጣ ማብራሪያ የተሳሳተ ስለሆነ እንዲሰረዝልኝ እጠይቃለሁ። የጄኔሬተር ሠራተኛው ጥፋት የለበትም። የወሩ ልዩነት 730,000 ሳይሆን 580,000 ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ በፋብሪካው እጅ ያለው በማሽን መዘግየት የመጣው 85,000ና የጥገናው 30,000 ነው።» ግልባጩን ለሠራተኛው ራሴ ወስጄ ሰጠሁት። አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተና የታንከሩ ልኬት ከእንግዲህ ጳጉሜ መጨረሻ ላይም በሁለታችን ፊርማ እንዲሆን ጠየቀኝ። አሁን እንደዚያ ነው የምናደርገው።