የሂሳብ ምደባ ፈተናን ሁለት ጊዜ ወስጄ የገባኝ

ኮሌጅ ስገባ የሂሳብ ምደባ ፈተና (ፕሌስመንት የሚሉትን) ሁለት ጊዜ ወሰድኩ። መጀመሪያ ሳልዘጋጅ፣ ቀጥሎ ሦስት ሳምንት ተዘጋጅቼ። በሁለቱ መሃል ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ምናልባት አንድ ተርም ያተርፍላችኋል።

የመጀመሪያው ጊዜ "ያለኝን ደረጃ ነው የሚለካው፣ ምን መዘጋጀት ያስፈልጋል" ብዬ ዝም ብዬ ገባሁ። ሂሳብ ከነካሁ አራት ዓመት አልፎኝ ነበር። ውጤቱ ከጠበቅኩት ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ ክፍል ውስጥ ከተተኝ፣ ክፍልፋይ መደመር የሚያስተምር ክፍል። ፈተናው የለካው ግን አለማወቄን ሳይሆን መርሳቴን ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ አያይም። ለእሱ ሁለቱም የተሳሳተ መልስ ናቸው።

ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ ብዙዎቹ የኮምፒውተር ምደባ ፈተናዎች እንደ መልሳችሁ የሚለዋወጡ መሆናቸው ነው። አኩፕሌሰርም አሌክስም እንደዚህ ናቸው። ስትመልሱ ከበድ ያለ ይመጣል፣ ስትስቱ ቀለል ያለ። ጥያቄዎቹም ጥቂት ናቸው፤ አኩፕሌሰር ላይ ለአንድ የሂሳብ ክፍል 20፣ አሌክስ ላይ ቢበዛ 30። ስለዚህ መጀመሪያ አካባቢ በምልክት ስህተት ሁለት ሦስት ጥያቄ ከጣላችሁ፣ የምትችሉት ከበድ ያለ ጥያቄ ጭራሽ ላይመጣላችሁ ይችላል። አኩፕሌሰር ላይ ደግሞ አንዴ ካለፋችሁ ተመልሶ ማረም የለም።

እኔን የጣለኝ ይሄ ዓይነቱ ነበር፦ 5 − 2(x − 3) አሳጥሩ። እኔ −2x − 1 አልኩ። ከቅንፉ ፊት ያለው −2 ውስጥ ያለውን −3 ሲያባዛ +6 ይሆናል፣ ስለዚህ መልሱ 11 − 2x ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አልነበርኩም፣ እጄ ነው የረሳው።

ድጋሚ መፈተን እንደሚቻል ስሰማ (ስንት ጊዜና በስንት ቀን ልዩነት እንደሆነ ከመፈተናችሁ በፊት ጠይቁ፣ ቦታው ይለያያል) ዝግጅቴን ከመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ አንድ አልጀመርኩም። 40 የልምምድ ጥያቄ ያለ ማስታወሻ፣ ያለ ካልኩሌተር ሠራሁ። 14 ሳትኩ። ከዚያ የሳትኳቸውን አንድ ቀን አሳድሬ እንደገና ሞከርኩ፣ እዚህ ጋ ነው ጥቅሙ። አምስቱን ምንም ሳላይ አገኘኋቸው፣ ጥድፊያ ነበር ማለት ነው። አራቱን አንድ የተሠራ ምሳሌ ካየሁ በኋላ ሠራኋቸው፤ ረስቻቸው ነበር። አምስቱን ግን ምሳሌ አይቼም አልቻልኩም። እነዚያ ሎጋሪዝምና ፈንክሽን ነበሩ፣ እውነቱን ለመናገር ተምሬአቸው አላውቅም።

ሦስቱን ሳምንት በሙሉ ለመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ሰጠሁ። በቀን 40 ደቂቃ፦ የኔጌቲቭ ምልክት፣ ቅንፍ መፍታት፣ ክፍልፋይ፣ ቀላል ኢኩዌሽን። እያንዳንዱን መስመር እየጻፍኩ፣ በጭንቅላቴ ሳልዘል፣ መልሱንም መልሼ በመተካት እያረጋገጥኩ። ለምሳሌ x = 1 ብትሉ 5 − 2(1 − 3) 9 ይሆናል፣ 11 − 2ም 9። −2x − 1 ግን −3 ይሰጣል፣ ስለዚህ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል። አስር ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ሎጋሪዝሙን ሆን ብዬ ተውኩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ከእኔ ጋር አይስማማም፣ "ሁለት ፎርሙላ ሸምድደህ ግባ" ይላሉ። ችግሩ የምትመደቡበት ክፍል ያንን ፎርሙላ ታውቁታላችሁ ብሎ ነው ከላዩ የሚጀምረው። በሽምደዳ የተገኘች ሁለት ነጥብ ክፍል ውስጥ ስትገቡ ከእናንተ ጋር አትኖርም። ግምትም እንደዚሁ ነው፦ አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ በጭፍን ከመታችሁ ከአራት አንዱን ታገኛላችሁ፣ አሥር ጥያቄ ብትገምቱ የእናንተ ያልሆነ ሁለት ሦስት ነጥብ ታገኛላችሁ። አሌክስ ላይ "አላውቀውም" የሚል ቁልፍ አለ፣ መልሱም በአብዛኛው የሚጻፍ ነው። ጨርሶ ያልተማራችሁትን ከሆነ ያንን ተጫኑት። ግማሹን የምታውቁትን ግን አትዝለሉ፣ እስከቻላችሁበት ሥሩት።

ሁለተኛው ጊዜ ከሎጋሪዝም በፊት ያለው የአልጀብራ ክፍል ደረሰኝ። ትክክለኛው ቦታዬ ነበር። እንዴት አወቅኩ? በመጀመሪያው ሳምንት የቤት ሥራ አብዛኛውን ብቻዬን ሠራሁ፣ የቀረውን አስተማሪዋ ስታስረዳ ገባኝ። ሁሉም ቀላል ከሆነባችሁ ወይም ማብራሪያውም ካልገባችሁ ግን ክፍል መቀየሪያ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ አማካሪያችሁ ጋ ሂዱ፣ የሠራችሁትን ወረቀት ይዛችሁ።