«በእጄ ያለውን ንብረት አስረክቤ»

ሰሞኑን ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ናይት ወጥቼ ቤት ስገባ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ላፕቶፑን ከፍቼ ያንን ደብዳቤ እንደገና አየዋለሁ። አንድ ገጽ እንኳን አይሞላም። ለሰው ሀብት አስተዳደር፣ ጉዳዩ የሥራ መልቀቂያ ስለመጠየቅ፣ ግልባጭ ለሜዲካል ዳይሬክተር፣ ለሜትሮን ቢሮ፣ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል። ምክንያቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ «የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በመደበኛው መርሐ ግብር ለመከታተል»። የዲዩቲ ክፍያው መዘግየት፣ አንድ ነርስ ለስንት ሕፃን እንደሚቆም፣ ምንም የለበትም። ሲስተር ጽ መጀመሪያም ብላኛለች፣ ይሄ ደብዳቤ ፋይልሽ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ የሥራ ልምድ ልትጠይቂ ስትመለሺ መጀመሪያ የሚከፈተውም እሱ ነው፣ ቅሬታሽን ለብቻው ጻፊው። ልክ ናት።

ቀኑን ሦስቴ ነው የቀየርኩት። አንድ ወር ቀድሞ ማሳወቅ ስላለብኝ (የግል ሆስፒታል የገባችው ጓደኛዬም ያው ነው፣ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 30 ቀን ነው የሚለው) ነሐሴ 25 ካስገባሁ የመጨረሻ ቀኔ መስከረም 25 ይሆናል፣ ጳጉሜን መሀል ስለምትገባ ቀን መቁጠር አልፈለግኩም ወር ለወር አደረግኩት። «በቅርቡ» ወይ «ትምህርት ሲጀመር» ብሎ መጻፍ አይሆንም፣ የመጨረሻ የሥራ ቀን ቁርጥ ብሎ ካልተጻፈ የወሩን ፕሮግራም የምታወጣው ሲስተር ጽ መስከረም ላይ ትከተኝ አትከተኝ አታውቅም። ደግሞ ሁለት ኮፒ ይዞ ሄዶ መዝገብ ቤት የአንዱ ላይ ቁጥርና ማኅተም ማስመታት ነው፣ ወሩ መቆጠር የሚጀምረው ከገባበት ቀን ስለሆነ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ትቶ መምጣት ዋጋ የለውም።

በስፖንሰር ብትማሪስ የሚሉኝ አሉ። ውል ፈርሞ ተምሮ ተመልሶ ማገልገል፣ እኔ ጥሩ ነገር ነው የምለው፣ ግን ዘንድሮ ኮታው ለሌላ ዘርፍ ሄደ፣ የመግቢያ ፈተናውን ደግሞ አልፌዋለሁ፣ ኒዮናታል ነርሲንግ ቦታ አግኝቻለሁ፣ ይሄ ዕድል ካመለጠኝ ቀጣይ ዓመት እንዴት እንደሚሆን ማን ያውቃል።

ዛሬ ግን እንቅልፌን የነሳኝ የመጨረሻዋ አንቀጽ ናት። «በእጄ ያለውን ንብረት አስረክቤ ክሊራንስ እንድጨርስ» ትላለች። የክሊራንሱን ቅጽ አየሁት፣ ንብረት ክፍል ይፈርማል፣ ፋርማሲ ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል፣ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ይፈርማል። በስሜ የወጣው አንድ ፐልስ ኦክሲሜትርና የቁም ሳጥን ቁልፍ ነው። እነሱን ካስረከብኩ ነፃ ነኝ። እና ጨቅላ ሕፃናትን መተንፈስ የምናግዝበት ባብል ሲፓፑ ትዝ አለኝ።

ማሽኑ ምንም የለውም፣ ለዚህም ነው የምወደው። ኦክስጅንና አየር ተቀላቅሎ አፍንጫ ውስጥ በሚገባ አጭር ቱቦ፣ በፕሮንግ፣ ይገባል፣ መውጫ ቱቦው ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ጫፉ ከውሃው ወለል 5 ሴንቲሜትር ከጠለቀ ሳንባው እንዳይከደን የሚይዘው ግፊት በግምት 5 ሴንቲሜትር ውሃ ነው፣ 6 ካደረግሽው 6። ውሃው እንደ ሽሮ ድስት ሲንተከተክ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል፣ አዲስ የሚመጡት ነርሶችም መጀመሪያ የሚማሩት እሱን ነው፣ ካልፈላ ችግር አለ። እውነት ነው፣ ካልፈላ የሆነ ቦታ አየር እየወጣ ነው፣ ፕሮንጉ ወጥቷል ወይ የልጁ አፍ ተከፍቷል ወይ ማያያዣው ላልቷል።

ከፈላ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም! ይሄን የነገረኝ ወረቀት ሳይሆን በፊት የነበረች ሲስተር ናት፣ ከዚያ ራሴ አየሁት። አንድ ሌሊት 1,300 ግራም የሚሆን ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ነበረን፣ የደሙ ኦክስጅን መጠን፣ ሳቹሬሽኑ፣ 93 የነበረው ቀስ እያለ 86 ገባ። ጠርሙሱ እየፈላ ነው፣ አብሮኝ የነበረው ነርስ ጠርሙሱን አየና ሲፓፑ ይሠራል ብሎ እጁን ኦክስጅኑ ላይ አደረገ። እኔ ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። ከጎድኑ ሥር በየትንፋሹ ይሰረጉዳል፣ አፍንጫው ይነፋል። ፕሮንጉን አውጥቼ ሳየው አንደኛው ቀዳዳ በወፍራም ንፍጥ ድፍን ብሏል። አየሩ ወደ ልጁ መግቢያ ሲያጣ ዞሮ በመውጫው ቱቦ ወደ ውሃው ይሄዳል፣ ስለዚህ ልጁ እየታፈነም ጠርሙሱ ይፈላል። አንድ ጠብታ ኖርማል ሳላይን፣ ቀስ ብሎ መምጠጥ፣ ፕሮንጉን አጥቦ መመለስ፣ አገጩን ትንሽ ደግፎ አፉን መዝጋት። ከደቂቃዎች በኋላ 92። ኦክስጅኑን አልነካነውም። ጨምረነው ቢሆን ቁጥሩ ምናልባት ለጊዜው ይወጣ ነበር፣ ድፍኑ ግን እዚያው ይቀር ነበር፣ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ በከፍተኛ ኦክስጅን ላይ 95 አልፎ ይቆይና የልጁ ዓይን ሬቲና ላይ ጉዳት ያመጣል። እናትየው ካንጋሮ ክፍል ስትገባ «ሲስተር፣ አሁን እስትንፋሱ ይሰማኛል» አለችኝ ደረቷ ላይ አስተኝታው።

እና ይሄን ዕውቀት አስረክቢ ብሎ የሚያስፈርም ቢሮ የለም። ሲስተር ጽን ለምኛት ያችን አንድ ወር ሁለቱን አዲስ ነርሶች ከኔ ጋር አንድ ዲዩቲ ላይ አድርጋልኛለች። ጠርሙሱን ሳይሆን መጀመሪያ ደረቱን እዩ፣ ቀጥሎ አፍንጫውን፣ ፕሮንጉ የአፍንጫውን መሀል ግድግዳ እንዳይጫን ትንሽ ክፍተት ይኑር፣ ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ካለ አውጡት፣ ጠርሙሱ መጨረሻ ነው እያልኩ በየፈረቃው አብሬያቸው እዞራለሁ። ጎበዞች ናቸው። ችግሩ ሮቴሽኑ ነው፣ ጥቂት ወራት ቆይተው አንዷ ሰርጂካል አንዱ ኦፒዲ ይሄዳል፣ እዚያ ሲፓፕ የለም፣ በነሱ ቦታ የሚመጣው ሰው ደግሞ ከጠርሙሱ ይጀምራል። ለጨቅላ ሕፃናት ክፍላችን ቢያንስ ግማሹ ነርስ የማይዞር ቢሆን ብዬ ለሜትሮን ጽፌ ነበር፣ ይታያል ተብሏል። እኔ ይሄን ነገር ከልቤ ነው የምፈልገው፣ ከደሞዙም በላይ።

ትምህርቱን ጨርሼ መመለስ እፈልጋለሁ፣ እዚሁ ክፍል። ግን ከኛ በፊት ማስተርስ የያዙትን ሳስብ አንዷ ኮሌጅ ታስተምራለች፣ አንዱ ጥራት ቢሮ ተቀምጧል፣ አንዱ ድርጅት ገባ፣ አልጋው አጠገብ የቀረ አላውቅም፣ መደቡም ደረጃውም ወደዚያ ነው የሚገፋው። ያኔ የኒዮናታል ስፔሻሊቲ ይዤ ሌሊት ዲዩቲ ልግባ ብል የሚመድበኝ ይኖር ይሆን?