የፖላሮይድን ነጭ ጠርዝና ክብ ማዕዘን ከስካን ላይ ያወጣሁበት መንገድ

ፒያሳ በምሠራበት ፎቶ ቤት አንዲት እናት ያመጡልኝ ፖላሮይድ፣ ሟች እህታቸው ከምኒልክ ሐውልት ፊት ቆመው የተነሱት ነው። «ልጄ፣ ነጩ ይውጣና እሷ ብቻ ትታይልኝ» አሉኝ። ፎቶውን ራሱን በመቀስ መከርከም አይገባም፤ ምስሉ በታሸጉ ንብርብሮች መካከል ስለሚገኝ ጠርዙ ከተቆረጠ ሊላቀቁ ይችላሉ። ስለዚህ በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጌ በቲፍ አስቀመጥሁትና ሥራውን በኮምፒውተር፣ ImageMagick በተባለው ፕሮግራም ጨረስሁ።

አስቸጋሪው ሰማዩ ነበር። ብርሃን በዝቶበት ነጭ ሆኖ ስለወጣ፣ ከላይኛው ጠርዝ ጋር ተዋህዶ ድንበሩ አይለይም። ጠርዝን በቀለሙ ለይቶ በራሱ የሚቆርጥ ትእዛዝ እንዲህ ባለ ፎቶ ላይ አይታመንም፤ ነጩን ሰማይም ከጠርዙ ጋር አብሮ ይወስደዋል። እኔ የተማመንሁት በልኬት ነው። የዚህ ዓይነቱ ፖላሮይድ የምስል ክፍል ወርዱም ቁመቱም 79 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ካሬ ነው፤ ይህም በ600 ዲፒአይ 1866 ፒክስል ይሆናል። ሦስቱ ጎኖች በግልጽ ከታዩ አራተኛው ተሰልቶ ይገኛል ማለት ነው።

በመጀመሪያ ያዘመመውን አቃናሁ። የምስሉ የታችኛው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ 1800 ፒክስል ሲሄድ 13 ፒክስል ወደ ታች ይወርዳል፤ ይህም 0.41 ዲግሪ ያህል ነው። ማዞር ምስሉን በጥቂቱ ስለሚያደበዝዝ ልኩን አስቀድሞ አውቆ አንድ ጊዜ ብቻ ማዞር ይሻላል።

```
magick scan.tif -rotate -0.41 +repage flat.tif
```

በተቃናው ምስል ላይ የግራው ድንበር 165ኛው፣ የቀኙ 2031ኛው ፒክስል ላይ ሲሆን ልዩነታቸው በትክክል 1866 ነው። የታችኛው ድንበር 2090ኛው ላይ ስለሆነ፣ ከሰማዩ ጋር የተዋሐደው የላይኛው ድንበር 224ኛው ላይ መሆኑን አወቅሁ።

የቀሩት ክብ ማዕዘኖቹ ናቸው። ብዙዎች ኩርባው እስኪያልቅ ድረስ ይቆርጣሉ፤ ይህ ግን ያለ አግባብ ምስሉን መብላት ነው። የኩርባው ሬዲየስ 30 ፒክስል ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የሬዲየሱን 0.293 እጥፍ ማለትም 9 ፒክስል መግባት ይበቃል፤ አዲሱ ማዕዘን ልክ ኩርባው ላይ ያርፋል። ከምስሉ ወርድ የሚጠፋው አንድ በመቶ ያህል ብቻ ነው።

```
magick flat.tif -crop 1848x1848+174+233 +repage final.tif
```

ከዚያም አራቱንም ማዕዘኖች በ400 በመቶ አጉልቼ አየሁ። ጫፉ ላይ ቀጭን ነጭ ጨረቃ የመሰለ ነገር ከታየ፣ ከየጎኑ ሁለት ፒክስል ጨምሮ መቁረጥ ይበቃል። ጠርዙ ላይ የእጅ ጽሑፍ ወይም ቀን ሊኖር ስለሚችል ሙሉውን ስካን ለብቻው አስቀምጣለሁ። የኢንስታክስ ሚኒ ምስል ግን 46 በ62 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካሬ ስላልሆነ አራተኛውን ጎን ለማግኘት የሁለቱን ልኬቶች ምጥጥን መጠቀም ያስፈልጋል።