ረድፍ 31፣ የካቲት 17

የየካቲት 2007ን ገጽ ትናንት ማታ ጨረስኩ። ባሕር ዳር ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት በእጅ የተጻፉ የስም መጥሪያ መዝገቦቹን ወደ ኤክሴል ሰንጠረዥ እንድገለብጥለት ከሰጠኝ ሁለት ወር ሆኖኛል። «ይህ ገጽ ልክ እንደ መዝገቡ ነው» ብዬ አፌን ሞልቼ ለመናገር የበቃሁት ግን በዚህኛው ነው።

የ48ቱን ተማሪዎች ስም መተየብ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀም። ያስቸገረኝ ዓምድ መሳት ነበር፤ ዓይን አንድ ቀን ከዘለለ የወሩ ምልክት በሙሉ ይንሸራተታል። ለዚህ የበጀኝ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። የዚያ ዓመት የካቲት እሑድ ገባ፤ ስለዚህ 21 ቅዳሜ፣ 22 እሑድ፣ 23 ደግሞ ሰኞ የዋለው የዓድዋ በዓል ነው። ሦስት ባዶ ዓምዶች ጎን ለጎን ማለት ነው። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ምልክት ከወደቀብኝ ያን ረድፍ አጥፍቼ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል።

መምህሩ ለተገኘ «✓»፣ ለቀረ «ቀ»፣ ፈቃድ ለጠየቀ «ፈ» ይጽፉ ነበር። እኔ ሦስት ጨመርኩ። ትምህርት በነበረበት ቀን መምህሩ ምንም ካልጻፉ «ባዶ»፣ ቀለሙ ፈስሶ ምንም ካልታየኝ «አይነበብም»፣ አንዱን ንባብ ብመርጥም እርግጠኛ ካልሆንኩ ከፊደሉ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ። በትምህርት ቀን ዓምድ ውስጥ ያለ ጽሑፍ የቀረ ሳጥን ገና ያልሠራሁት ብቻ ነው። ባዶነትን ከአለመነበብ ጋር የሚቀላቅል ሰንጠረዥ ባይሠራ ይሻላል ባይ ነኝ፤ አንደኛው የመምህሩ ዝምታ ነው፣ ሌላኛው የወረቀቱ ጉዳት።

ሦስት ቀን የያዘኝ ረድፍ 31 ነው። የካቲት 17፣ ማክሰኞ፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ «ቀ» እና «✓» ተደራርበዋል። ልጁ ቀርቷል ተብሎ ከተጻፈ በኋላ አርፍዶ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም መጀመሪያ ተገኝቷል ተብሎ በስሕተት ተጽፎ ኋላ ታርሞ ይሆናል። ጠዋት ከሐይቁ በኩል በመስኮት የሚገባውን ብርሃን ወረቀቱን አጋድሜ አየሁበት። የእስክሪብቶው ጫና የተወው ስርጉድ ይታያል፤ ሁለቱም ምልክቶች በአንድ ቀለም ስለተጻፉ ግን የትኛው እንደቀደመ መለየት አልቻልኩም።

በገጹ ዳር ያለው የቀሪ ድምር «3» ይላል። በረድፉ በግልጽ የሚነበቡት «ቀ» ሁለት ናቸው። ስለዚህ ሦስተኛው ይኸው ነው ብዬ «ቀ» ጻፍኩና አለፍኩ። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ፤ ያነበብኩት ሳጥኑን ሳይሆን ድምሩን ነበርና።

በማግስቱ አንድም አጠራጣሪ ሳጥን የሌለባቸውን 41 ረድፎች አንድ በአንድ ቆጠርኩ። በ35ቱ የመምህሩ ድምር ከምልክቶቹ ጋር ይስማማል። በስድስቱ ድምሩ ይበልጣል፤ ስድስቱም ላይ «ፈ» አለ፣ «ፈ» እንደ ቀሪ ሲደመር ደግሞ ቁጥሩ ልክ ይመጣል። ሌሎች «ፈ» ያለባቸው ረድፎች ላይ ግን አልተደመረም። ረድፍ 31 ላይ አንድ «ፈ» አለ። እንግዲህ «3» የሚለው ሁለት «ቀ» እና አንድ «ፈ»፣ ወይም ሦስት «ቀ» ሊሆን ይችላል። ድምሩ ሊመሰክርልኝ አልቻለም።

ሳጥኑን «ቀ?» አድርጌ መለስኩት፤ በማስታወሻው ዓምድ «ከ✓ ጋር ተደራርቧል፣ ቅደም ተከተሉ አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ። የመምህሩን «3» ሳልነካ በራሱ ዓምድ አስቀመጥኩት፤ ከጎኑ የእኔ ቆጠራ «ከ2 እስከ 3» ይላል። በጥቅምትና በኅዳር ገጾች ላይ በድምር እያሰላሁ የሞላኋቸው ሳጥኖች አሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ ምልክት ስላላደረግሁ ሁለቱን ገጾች ከመዝገቡ ጋር እንደገና ማመሳከር አለብኝ።

ኤክሴል የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አጠራጣሪዎቹን ለመቁጠር መጀመሪያ የጻፍኩት ይህ ነበር፦

```
=COUNTIF(C32:AF32,"*?")
```

መልሱ 20 መጣ፤ የወሩ የትምህርት ቀናት በሙሉ ማለት ነው። ለካ በዚህ ቀመር ውስጥ የጥያቄ ምልክት «ማንኛውም አንድ ፊደል» ማለት ኖሯል። ምልክቱን ራሱን እንዲፈልግ ከፊቱ «~»ን መጨመር ያስፈልጋል፦

```
=COUNTIF(C32:AF32,"*~?")
```

አሁን 1 ይላል፤ የካቲት 17።