ሲስተሙ 86 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው 65 ነው

የስቶክ ልዩነት መንስኤን ፍለጋ ላይ ከበፊቱ ተሻሽያለሁ፤ በተለይ ሲስተሙ መደርደሪያው ላይ ካለው በላይ ሲያሳይ። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች አብዛኞቻችሁ ስለምታውቋቸው ቶሎ ልለፋቸው። ሁለት ሰዎች የሲስተሙን ቁጥር ሳያዩ ለየብቻ ይቁጠሩ፤ ቁጥሩን አስቀድሞ ያየ ሰው ሳያስበው ወደዚያው ያዘነብላል። ቀጥሎ የኋላ መጋዘኑ፣ የተመላሽ ዕቃ ማስቀመጫውና የተበላሸ ዕቃ የሚለይበት ጥግ ይታይ። ለደንበኛ ተዘጋጅቶ ገና ወጪ ያልተመዘገበለት ዕቃ ካለም ከመደርደሪያው ተነስቷል እንጂ ከሲስተሙ አልተቀነሰም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ልዩነቱ ካልጠፋ ብዙ ሰው የማስተካከያ ቅጽ ሞልቶ ቁጥሩን ያስተካክላል። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። መንስኤው ሳይታወቅ ቁጥሩ ከተስተካከለ የሚቀጥለው ጭነት ሲገባ ያው ስህተት ይደገማል፤ መነሻ የሚሆነው ልዩነትም አብሮ ይጠፋል።

ልዩነቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። አንድ ምሳሌ ከቁጥሩ ጋር እንይ። በመጨረሻው ቆጠራ ሲስተሙም መደርደሪያውም 40 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ 10 ካርቶን ገብቷል፤ በሲስተሙ አንድ ካርቶን 12 ፍሬ ስለሆነ 120 ተመዝግቧል። 74 ፍሬ ተሽጧል። ቀሪው 86 መሆን አለበት፤ የተቆጠረው ግን 65 ነው። የጎደለው 21 ፍሬ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ጥርጣሬ ካርቶን ሳይራገፍ ቀርቷል የሚል ነው። ያ ቢሆን ጉድለቱ 12 ወይም 24 ይሆን ነበር፤ 21 ለ12 አይካፈልም። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንቆምና «ተሰርቋል» እንላለን። ግን 21ን በካርቶኑ ይዘት ብቻ ሳይሆን በገቡት ካርቶኖች ብዛትም ማካፈል ያስፈልጋል። ለ10 ሲካፈል 2 ይደርስና 1 ይቀራል። እያንዳንዱ ካርቶን ሁለት ሁለት ፍሬ ጎድሎት ቢመጣስ?

ማረጋገጫው ያልተከፈተ ካርቶን ነው። ጎኑ ላይ የታተመውን አንብቡ፣ ከፍታችሁም ቁጠሩ። በዚህ ምሳሌ 10 ፍሬ ይገኝበታል፤ አቅራቢው አስተሻሸጉን ከ12 ወደ 10 ቀይሮታል። የማስረከቢያ ሰነዱ «10 ካርቶን» ብቻ ስለሚል የተረካቢው ፊርማ ትክክል ነው። የተሳሳተው ሲስተሙ ካርቶኑን ወደ ፍሬ ሲቀይር የሚያባዛበት ቁጥር ነው። ያልተከፈተ ካርቶን ካልቀረ የተጣሉት ባዶ ካርቶኖች ላይ ያለው ጽሑፍም ይበቃል፤ ስለዚህ ቆጠራ ሲቃረብ ባዶ ካርቶን ቶሎ ባይወገድ ይሻላል።

የማረሚያው ቅደም ተከተልም ለውጥ ያመጣል። በቅድሚያ በዕቃው መዝገብ ላይ ያለው የካርቶን ይዘት ወደ 10 ይቀየራል፤ ከዚያ የ120ው ገቢ ተሰርዞ 100 ተብሎ እንደገና ይመዘገባል። 20ውን «ጉድለት» ብሎ መሰረዝ ስህተት ነው፤ ያልገባ ዕቃ አይጠፋም። ሌላም መዘዝ አለው፦ የካርቶኖቹ ዋጋ ለ120 ተካፍሎ ከሆነ የአንዱ ፍሬ ወጪ ከእውነተኛው አንሶ ተይዟል፤ የመሸጫ ዋጋውም በዚያ ላይ ተሠርቶ ይሆናል። መጋዘን ውስጥ ገና በ12 የታሸገ አሮጌ ካርቶን ካለ ደግሞ ለሁለቱ አስተሻሸግ የተለያየ መለያ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ነገ ስህተቱ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል።

የቀረችው 1 ፍሬ የት ሄደች? የዚያው ዕቃ ሌላ ቀለም ወይም መጠን ይቆጠር። እዚያ 1 ትርፍ ከተገኘ የሽያጭ ሠራተኛው የአንዱን ባርኮድ በሌላው ምትክ አንብቧል ማለት ነው። ሁለት ዓይነት ዕቃ አብሮ ሲሸጥ የአንዱን ባርኮድ ሁለቴ ማንበብ የተለመደ ነው። ምልክቱ አንዱ ጋ ጉድለት፣ ጎረቤቱ ጋ እኩል ትርፍ መታየቱ ነው። ስለዚህ አንድን ዕቃ ለብቻው መቁጠር አልወድም፤ ቢያንስ ተመሳሳዮቹ አብረው ይቆጠሩ።

ይህ መንገድ የማይፈታውም አለ። ልዩነቱ ከካርቶኑ ይዘትም፣ ከካርቶኖቹ ብዛትም፣ ከጎረቤት ዕቃ ትርፍም ጋር ካልገጠመ፣ ስርቆትንና ሳይመዘገብ የወጣን ዕቃ ከመዝገብ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም መዝገብ ላይ ምንም አይተዉም። እዚህ ላይ ከእኔ የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ብትኖሩ ደስ ይለኛል። እኔ የምሠራበት ያንን ዕቃ ብቻ በየሳምንቱ መቁጠር ነው፤ ጉድለቱ በየትኛው ሳምንት እንደተፈጠረ ሲታወቅ መታየት ያለባቸው ሰነዶች ከመቶዎች ወደ ጥቂቶች ይወርዳሉ።